አንድ የሞት ዜና እንዴት ይታረማል?

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ረቂቅ ዜና እጄ ገባ እንበል። ርዕሱን ሳይጨምር ሰባት ዐረፍተ ነገር ነው። የጻፈው ወጣት ዘጋቢ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሏል። ፖሊስ አነጋግሯል፣ የሟቹን ጓደኞች አነጋግሯል፣ ያላጣራውን አንድም ነገር አልጻፈም። ዜናው እውነት ነው። ግን እንዳለ ከወጣ ሰው ይጎዳል።

ዜናውን ለዚህ ማብራሪያ ብዬ የፈጠርኩት ነው። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ግን በአርታኢነት በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሞ የገጠመኝ ዓይነት ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ራስን ማጥፋት ስለሆነ ይከብዳል። አሁን እናንተ ራሳችሁ በዚህ ሐሳብ እየተጨነቃችሁ ከሆነ ንባቡ ይቆይ። መጀመሪያ ለምታምኑት ሰው ደውሉና «ደህና አይደለሁም፣ ብቻዬን አትተወኝ» በሉት።

ረቂቁ ይኸውላችሁ። ሁለት ቦታ ላይ ነጥብ ብቻ አድርጌያለሁ። እዚያ የነበረውን እኔም መድገም የለብኝም። የተቋሙም ስም በዜናው ላይ ተጽፎ ነበር፤ እዚህ ግን «ተቋም» ብቻ ብዬዋለሁ።

> ሰበር ዜና፦ ፍቅረኛው የከዳችው ተማሪ ራሱን ገደለ!
>
> የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ የሆነ የ21 ዓመት ወጣት ትናንት ሌሊት በሚኖርበት ዶርም ውስጥ … ራሱን ገድሏል። ጓደኞቹ እንደሚሉት ከሁለት ቀን በፊት ፍቅረኛው ትታው ነበር። ለእናቱ በተወው ደብዳቤ ላይ «…» ብሏል። አብሮት የሚኖረው ጓደኛው «በጣም ተሠቃይቷል፤ አሁን ግን አርፏል» ሲል ለዘጋቢያችን ተናግሯል። ፖሊስ ወጣቱ ብዙም ሳይሠቃይ ሕይወቱ እንዳለፈ ገልጿል። በዚሁ ተቋም በሁለት ወር ውስጥ ራሱን ያጠፋ ሦስተኛ ተማሪ ነው። ራስን ማጥፋት በወጣቶች ዘንድ እንደ ወረርሽኝ እየተዛመተ ይገኛል።

ከቃላቱ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ነገር ዜና ነው ወይ? አንድ በሕዝብ የማይታወቅ ሰው በግል መኖሪያው ውስጥ ሕይወቱን ሲያጣ ብዙ ጊዜ መልሱ «አይደለም» ነው። የቤተሰቡ ሐዘን ነው፤ የሕዝብ ጉዳይ አይደለም። እዚህ ረቂቅ ውስጥ ግን ስድስተኛው ዐረፍተ ነገር አለ። በሁለት ወር ሦስተኛው ነው ይላል። እሱ ይለያል። አንድ ተቋም ሦስት ልጆች አጥቶ ምን እያደረገ ነው ብሎ መጠየቅ የጋዜጠኛ ሥራ ነው። ስለዚህ ዜና አለን፤ ግን ዘጋቢው ዋናውን ነገር መጨረሻ አካባቢ ቀብሮታል። ዘጋቢውን ጠርቼ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ዜናው ስለ ምን እንደሆነ ሲታወቅ ከቀሩት ዐረፍተ ነገሮች ግማሹ በራሱ ይወድቃል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እንሂድ። ነጥብ ያደረግኩበት ቦታ ላይ የነበረው ዘዴው ነው፤ በምን፣ እንዴት፣ የት ላይ የሚለው። ዘጋቢዎች ይህን ማውጣት ይከብዳቸዋል። «እንዴት» ከተማሩት መሠረታዊ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ታዲያ ለምንድን ነው የሚወጣው?

በዚህ ጉዳይ ላይ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሱት የቪየናን ታሪክ ነው። የቪየና የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ የጀመረው በ1978 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሐዲዱ ላይ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ጥቂት ነበሩ። ከ1984 ወዲህ ቁጥሩ በድንገት ወጣ። የከተማዋ ጋዜጦችም እያንዳንዱን ሞት በትልልቅ ርዕስ፣ በፎቶና በዝርዝር ይዘግቡት ነበር። በ1987 የኦስትሪያ ራስን ማጥፋት መከላከያ ማኅበር ባለሙያዎች ለጋዜጦቹ መመሪያ አዘጋጁ። ጋዜጦቹም ተቀበሉት። አንዳንዶቹ መዘገቡን ተዉት፤ ሌሎቹ ከፊት ገጽ አውርደው በውስጥ ገጽ ላይ በአጭሩ መጻፍ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በባቡሩ መስመር ላይ የሚደርሰው ሞትና ሙከራ ከመጀመሪያው አጋማሽ ጋር ሲተያይ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ለዓመታትም ተመልሶ ወደዚያ አልወጣም። ባቡሩ ያው ነው፤ ጣቢያዎቹም ያው ናቸው። በግልጽ የተለወጠው አጻጻፉ ነበር።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። በዚህ ሐሳብ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቆርጦ የጨረሰ አይደለም። መኖርም መሞትም ይፈልጋል፤ ሁለቱ ውስጡ ይታገላሉ። ከባዱ ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልፋል። በዚያ ሰዓት ዘዴ በጭንቅላቱ ውስጥ ተስሎ ካልተቀመጠለት፣ ወይም ያሰበው ነገር በእጁ ካልገባ፣ ብዙው ሰው ወደ ሌላ አይሄድም፤ ሰዓቱ ያልፍለታል። ዝርዝሩን የጻፈ ጋዜጣ ግን ያንን ሥዕል ሰጠው ማለት ነው። በ1998 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከዚያ በፊት ብዙም የማይታወቅ አንድ ዘዴ በጋዜጦች በሰፊው ተዘገበ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በከተማዋ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ሆነ። ዘዴውን አልጠቅሰውም፤ ታሪኩን ለመረዳት አያስፈልግም። የኛም አንባቢ እንዲሁ አያስፈልገውም።

ቁጥር ለሚወዱ፣ በ2020 ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ ያየ ትንተና በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ስለ ታዋቂ ሰዎች ራስን ማጥፋት ከተዘገበ በኋላ ባሉት ሳምንታት በሕዝቡ ውስጥ ራስን የማጥፋት ሞት በ13 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ታዋቂው ሰው የሞተበት ዘዴ ሲዘገብ ደግሞ በዚያው ዘዴ የሚደርሰው ሞት በ30 በመቶ ያህል ጨምሯል።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብኝ። ይኸው ትንተና ስለ ማይታወቁ ሰዎች በሚወጣ ተራ ዘገባ ላይ ተመሳሳይ ጭማሪ አላገኘም። የአንድን ሰው ሞት ለይቶ «ይህ የሞተው በዚያ ዜና ነው» ማለትም አይቻልም። ጥናቶቹ የሚያዩት የሕዝብን ቁጥር ነው። ታዲያ ለአንድ የማይታወቅ ተማሪ ዜና ይህን ያህል መጨነቅ ለምን? ምክንያቱም ያ ልጅ ለአገር የማይታወቅ ቢሆንም ለዶርሙ ታዋቂ ነው። በዕድሜ የሚመስሉት፣ አንድ ኮሪደር ላይ የሚኖሩ፣ በተመሳሳይ ፈተና የሚጨነቁ ልጆች አሉ። ሰው ራሱን የሚያየው በሚመስለው ሰው ውስጥ ነው። ያ ተቋም ደግሞ በሁለት ወር ሦስት አጥቷል። ሞት ሞትን እየሳበ የሚመጣበት ሁኔታ ሊኖር ይችላል ብለን መጠንቀቅ ያለብን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

አምስተኛው ዐረፍተ ነገር፣ «ብዙም ሳይሠቃይ» የሚለው፣ ከዘዴው ጋር አብሮ ይወጣል። ፖሊሱ ቤተሰቡን ለማጽናናት ብሎት ይሆናል። ለተጨነቀ አንባቢ ግን እንደ ምክር ይነበባል። «ቀላል»፣ «ፈጣን»፣ «ሳይሰማው» የሚሉ ቃላት በእንዲህ ያለ ዜና ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ጋ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ጥፋቱን የማያየው እዚህ ላይ ነው። «ከሁለት ቀን በፊት ፍቅረኛው ትታው ነበር።» ርዕሱ ደግሞ «የከዳችው» አድርጎታል። መለያየታቸው እውነት ሊሆን ይችላል። ለሞቱ ምክንያት አድርጎ ማስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ራሱን የሚያጠፋው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም ማለት ይቻላል። የቆየ የመንፈስ ጭንቀት ሊኖር ይችላል፤ መጠጥ ወይም ሌላ ሱስ፣ የገንዘብ ችግር፣ የቆየ የአካል ሕመም፣ ከዚህ በፊት የተደረገ ሙከራ ሊኖር ይችላል። በሁለት ቀን ውስጥ ይህን ያጣራ ዘጋቢ የለም። የመጨረሻውን ክስተት ስላየን ብቻ ምክንያት እናደርገዋለን። ትናንት ፍቅረኛው የተለየችው ሌላ ልጅ ደግሞ ይህን ሲያነብ ሞት ለመለያየት የሚሰጥ አንድ መልስ ሆኖ ይታየዋል።

እና ልጅቷስ? ስሟ አልተጻፈም። ግን ዶርሙ ውስጥ ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። ጠዋት ስትነሳ ስልኳ ላይ «ፍቅረኛው የከዳችው» የሚል ኖቲፊኬሽን ታገኛለች። ስለ እሷ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ከአንድ ልጅ ተለያየች፤ ትናንት ሞቱን ሰማች፤ ዛሬ ገዳይ ተብላ ዋለች። አንድ ጊዜ ቀድሞ እሠራበት በነበረ ዜና ክፍል ውስጥ ይህን የመሰለ ርዕስ እኔው ራሴ አሳልፌያለሁ። በሁለተኛው ቀን የልጅቷ ታላቅ ወንድም ደወለ። አልጮኸም። «ወንድሜ፣ እሷን የምንጠብቀው በየተራ ነው፤ ሌሊት እናቴ ናት፣ ቀን እኔ ነኝ» አለኝ። ርዕሱን ወዲያው ቀየርኩት። የተላከው ኖቲፊኬሽን ግን አይመለስም፤ ሰው ሼር ያደረገውም ምስል እንዲሁ።

ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ደብዳቤው ነው። ይወጣል፤ ጥቅሱም፣ ፎቶውም፣ «ደብዳቤ ትቷል» የሚለውም። ደብዳቤው የተጻፈው ለእናቱ ነው። እሷ እንኳ ገና ልታነበው አቅም ያላገኘችውን ነገር እኛ ቀድመን ለሺዎች ማንበብ የለብንም። ሌላም አለ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሟቹን ሐሳብ በጣም በተጠጋ ድምፅ ይናገራል። «ከዚህ በኋላ ለማንም ሸክም አልሆንም» የሚል ዓይነት ስሜት በብዙ የተጨነቁ ሰዎች ልብ ውስጥ አለ። በሕትመት ሲያዩት የተረጋገጠ ይመስላቸዋል።

አራተኛውን ዐረፍተ ነገር የምወደው ስለ ቋንቋችን ስለሚያስተምር ነው። «አሁን ግን አርፏል።» በአማርኛ «ዐረፈ» የክብር ቃል ነው። አዛውንት በዕድሜ ሲሞቱ «ዐረፉ» እንላለን፤ ማንም አይጎዳም። ራስን በማጥፋት ዜና ውስጥ ሲገባ ግን ቃሉ ወደ ጥሬ ትርጉሙ ይመለሳል። ተሠቃየ፣ ከዚያ ራሱን አጠፋ፣ ከዚያ ዐረፈ። ሞት መፍትሔ ሆነ። ጓደኛው ይህን ያለው ከልቡ አዝኖ ነው፤ ለቅሶ ቤት ማለቱም ያለ ነው። ዜና ላይ ግን ለማያውቀው የተጨነቀ ሰው እየተናገረ ነው።

ሌሎች ቃላትም አሉ። «ራሱን ገደለ» ሰውየውን ወንጀለኛ ያስመስለዋል፤ «ራሱን ሰዋ» ደግሞ ጀግና ያደርገዋል። «ራሱን በማጥፋት ሕይወቱ አለፈ» የሚለው ረዘም ይላል፤ ግን አይፈርድም፣ አያሞግስም። የሙከራ ዜና ላይ «አልተሳካለትም» ወይም «ሙከራው ከሸፈ» የሚባል ነገር አለ። እስቲ አስቡት፤ ሰውየው በሕይወት ተረፈ እኮ! መትረፉን ሽንፈት አድርገን ጻፍነው። «ሕይወቱ ተርፏል» ማለት ነው የሚገባው።

«ወረርሽኝ» የምትለው የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገርም ትሰረዛለች። ዘጋቢው ቁጥር የለውም፤ ቃሉን ያመጣው ዜናውን ለማሳመር ነው። «ሁሉም ሰው እያደረገው ነው» የሚል ስሜትም ይተዋል። በርዕሱ ላይ ያለው «ሰበር»ም አብሮ ይሄዳል። ምንም የሚሰበር ነገር የለም። ጠዋት ቢወጣ አንባቢ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ለሊቱን ግን ቤተሰብ ለቤተሰብ ሊደዋወልበት ይችላል። አንዲት አክስት የእህቷን ልጅ ሞት ከፌስቡክ ከምትሰማ ከወንድሟ ብትሰማው ይሻላል።

አሁን ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ጋ ደረስን። ረቂቁ ውስጥ ስም የለም። ዘጋቢው «ማንነቱን ደብቄያለሁ» ይላል። እስቲ እንቁጠር። 21 ዓመት፤ ሦስተኛ ዓመት፤ ምህንድስና፤ ዶርም ነዋሪ፤ በቅርቡ ከፍቅረኛው የተለየ፤ ተቋሙም ስሙ አለ። እያንዳንዱ ለብቻው ምንም አይደለም። ሲደራረቡ ግን አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። ቁርጥራጭ ሥዕል ገጣጥሞ ሙሉ ምስል እንደማውጣት ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው «ስም ጽፈናል ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ከዚህ ተነስቶ ጎረቤቱ ያውቀዋል ወይ?» ተብሎም ይጠየቃል።

ይህ ነገር በወንጀል ዜና ላይ ይብሳል። አንድ ሕፃን ተጠቃ እንበል። አንዱ ጋዜጣ የተከሳሹን ስም ይጽፋል፤ ከሕፃኗ ጋር ያለውን ዝምድና ግን አይናገርም። ሌላው ደግሞ ስም ሳይጠቅስ «አጎቷ ናቸው» ይላል። ሁለቱም የተጠነቀቁ ይመስላቸዋል። ሁለቱን ያነበበ ሰው ግን ልጅቷን አወቃት። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ሁሉም ዜና ክፍሎች አንድ መንገድ መያዝ አለባቸው፤ ወይ ስሙን፣ ወይ ዝምድናውን፣ ሁለቱን ግን በፍጹም። በቴክኒኩ በኩልም ክፍተት አለ። የፎቶው ፋይል ስም የሰውየው ስም ሆኖ ይቀራል። ርዕሱ ተቀይሮም የዜናው ሊንክ ውስጥ የድሮው ርዕስ ይኖራል። ከዜናው ሥር በኮመንት ስሙን የሚጽፍ አይጠፋም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና ላይ ኮመንት መዝጋት ይሻላል።

ገዳዩ ታዋቂ ለመሆን ብሎ የሚገድልበት ወንጀልም አለ። በመጋቢት 2019 ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ውስጥ በሁለት መስጊዶች ላይ በተፈጸመው ጥቃት 51 ሰዎች ተገደሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን የገዳዩን ስም አልጠራም አሉ። የአገሪቱ አምስት ትልልቅ የዜና ተቋማትም የፍርድ ሂደቱን ሲዘግቡ የሰውየውን አስተሳሰብ የሚያራግብ ነገር ላለማውጣት በጋራ ተስማሙ። ችሎቱን መዘገባቸውን አልተዉም፤ መድረኩን ግን ነሱት።

«እና እውነትን እንደብቅ?» የሚል ባልደረባ ሁሌም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰውየው ራሱን አጥፍቶ ሳለ «በድንገተኛ አደጋ» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፤ አይደረግም። ራስን ማጥፋት መሆኑን እንናገራለን፤ ዘዴውን አንናገርም። ግን ዘዴው ራሱ የጥያቄው አካል የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንድ እስረኛ በጣቢያ ውስጥ ይሞታል። ባለሥልጣኖቹ «ራሱን አጠፋ» ይላሉ፤ ቤተሰቡ አይቀበልም። እዚያ ላይ ዝም ማለት ጥፋትን መሸፈን ሊሆን ይችላል። የሚጻፈው ጥርጣሬውን ለመረዳት የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው፤ በጽሑፉ መሐል በተረጋጋ ቃል እንጂ ርዕስ ላይ አይወጣም።

ታዋቂ ሰው ሲሆንም መደበቅ አይቻልም፤ አጻጻፉ ግን ይለያያል። በ1994 ሙዚቀኛው ኩርት ኮቤይን ሲያትል ውስጥ ራሱን ሲያጠፋ ብዙ ሰው ተከታይ ሞት ይመጣል ብሎ ፈርቶ ነበር። በአካባቢው የተፈራው ጭማሪ አልታየም። ወደ እርዳታ ስልኩ የሚደውሉ ሰዎች ግን በዙ። የአካባቢው ዘገባ ስለ እርዳታ ደጋግሞ ይናገር ነበር፤ ሥራውን ከአሟሟቱ ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። በ2014 ተዋናዩ ሮቢን ዊሊያምስ ሲሞት ግን ብዙ መገናኛ ብዙኃን ዝርዝሩን በሰፊው አወጡ። በአሜሪካ በቀጣዮቹ አምስት ወራት ይጠበቅ ከነበረው በ10 በመቶ ያህል የበዛ ሞት ተመዘገበ። ሁለቱን ጊዜያት የሚለያያቸው ዘገባው ብቻ ነው ማለት አልችልም። አጻጻፉ ግን በእጃችን ያለው ነገር ነው።

እስካሁን ስለሚወጣው ነገር ብቻ ነው ያወራሁት። የሚገባም አለ። በ2010 የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ከ2005 መጀመሪያ እስከ አጋማሹ ድረስ የወጡ ወደ 500 የሚጠጉ የጋዜጣ ጽሑፎችን አይተው ነበር። ራስን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶባቸው ነገር ግን መከራቸውን በሌላ መንገድ ያለፉ ሰዎችን ታሪክ የያዙ ጽሑፎች ከሞት ቁጥር መቀነስ ጋር አብረው ታይተዋል። ውጤቱን በሞዛርት ኦፔራ ውስጥ ባለ ፓፓጌኖ በሚባል ገጸ ባሕርይ ስም ጠርተውታል። ፓፓጌኖ ተስፋ ቆርጦ ሊሞት ሲል ሦስት ልጆች መጥተው በእጁ ያለውን ደወል ያስታውሱታል። አዲስ ነገር አልሰጡትም፤ ያለውን አሳዩት።

ለኛ ዜና ይህ ማለት «አማካሪ አለ» ከሚለው ደረቅ መስመር በላይ መጻፍ ነው። የእርዳታ ስልክ ቁጥር ይገባል፤ ከመታተሙ በፊት ግን ይደወልበታል። ቀን ሳይሆን ማታ፣ ተማሪው ሊደውልበት በሚችልበት ሰዓት። የማይነሳ ስልክ ማተም ካለማተም ይከፋል፤ የመጨረሻ አቅሙን ሰብስቦ የደወለ ሰው «ማንም የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ሌሊት የሚሠራ ከሌለ በግልጽ «እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ» ተብሎ ይጻፋል። ለጓደኞቹም አንድ መስመር ያስፈልጋል። «ራስህን ልታጠፋ እያሰብክ ነው?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም። ብዙ ሰው ይህን ይፈራል። ብዙ ጊዜ ግን የተጠየቀው ሰው እፎይ ይላል።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ዘጋቢው ያስተካከለው ይህ ነው።

> በሁለት ወር ሦስት ተማሪዎችን ያጣው ተቋም የምክር አገልግሎቱን እንዲያጠናክር ተጠየቀ
>
> አንድ የተቋሙ ተማሪ በዚህ ሳምንት ራሱን በማጥፋት ሕይወቱ ማለፉን ፖሊስ አስታውቋል። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ተቋሙ በዚህ ሁኔታ ያጣው ሦስተኛ ተማሪ ነው። የተማሪዎች ተወካዮች በግቢው ያለው የሥነ ልቦና አማካሪ አንድ ብቻ መሆኑን ገልጸው ቁጥሩ እንዲጨምር ጠይቀዋል። ተቋሙ ለጥያቄው እስከ ትናንት ምሽት ምላሽ አልሰጠም። ራስን ማጥፋት የብዙ ነገሮች ድምር እንደሆነና አብዛኛውን ጊዜ መከላከል እንደሚቻል ባለሙያዎች ይናገራሉ። ባለፈው ዓመት በከባድ ጭንቀት ውስጥ የነበረች አንዲት ተማሪ «ለክፍል ጓደኛዬ የነገርኳት ቀን ነው ነገሩ የተቀየረው፤ አብራኝ ሐኪም ጋ ሄደች» ብላለች። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚያስጨንቀው ሰው ወይም ጓደኛው የሚያሳስበው ሰው በዚህ ቁጥር መደወል ይችላል፦ …

ስልኩን ዘጋቢው ራሱ ደውሎበታል፤ በአምስተኛው ጥሪ ተነስቷል። ፎቶ የለም። የሟቹ ዕድሜ፣ የትምህርት ዘርፍ፣ ልጅቷ፣ ደብዳቤው የሉም። የተቋሙ ስም ግን በሙሉ አለ፤ መልስ መስጠት ያለበት እሱ ነውና።

ዘጋቢው ማስታወሻ ደብተሩን ሲያጥፍ «ያን ሁሉ የሰማሁትን የት ላድርገው?» አለኝ። ደብዳቤውን አንብቦታል፤ ክፍሉንም አይቶታል። ቁጭ በል አልኩት፤ ተቀምጠን አወራን፤ ቤቱም ብቻውን እንዳይሄድ አብሬው ወጣሁ። በማግስቱ ሥራ አልሰጠሁትም። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ወደ ተቋሙ ሄደ። ሁለት ጥያቄ ይዟል፦ አንዱ አማካሪ በቀን ስንት ተማሪ ያያል? ተራ ለማግኘትስ ስንት ሳምንት ይጠበቃል? ያ ዜና ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ረዝሞ፣ በትልቅ ርዕስ ወጣ።